ከኒቅያ እስከ ኬልቄዶን፦ «ሃይማኖትን የወሰነው ቤተ መንግሥት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የክርስትና ትምህርት የተወሰነው በጸሎት ቤት ሳይሆን በቤተ መንግሥት ነው። ኒቅያ ላይ ቆስጠንጢኖስ የፈለገው ሆነ። ኤፌሶን ላይ ቄርሎስ ውሳኔውን በወርቅ ገዛው። ኬልቄዶን ላይ መርቅያን አዘዘ፣ ጳጳሳቱ ፈረሙ፤ ዲዮስቆሮስም የአውጣኪን ኑፋቄ ይዞ ስለተገኘ ተወግዞ ተሰደደ። በንጉሥ ፊርማ ያለቀን ነገር ዛሬ እንደ እምነት አንስቶ መከራከር ትርጉም የለውም።»

የነገሥታት እጅ በጉባኤዎቹ ውስጥ ነበረ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ የገባበት ቦታ አለ፤ እሱን ወደ ኋላ በዝርዝር አሳያለሁ። የምቃወማቸው እጁ የት እንደደረሰና የት እንዳቃተው ስላልለዩ ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል ጠቅልለው ሲያበቁ ደግሞ ስለ ዲዮስቆሮስ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ የሌለ ነገር ጻፉ። ነጥቦቹን በቅደም ተከተል እሄድባቸዋለሁ። ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ኒቅያ

ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን በ325 ጠራ፣ ወጪውን ቻለ፣ በመካከል ተቀመጠ። ይህ እውነት ነው። ግን የፈለገው ምን ነበር? ከጉባኤው በፊት ለእስክንድርያው ጳጳስ ለእለ እስክንድሮስና ወልድ ፍጡር ነው ይል ለነበረው ለአርዮስ በአንድነት የላከው ደብዳቤ አለ። እዚያ ላይ ጠባችሁ በትንሽ ነገር ነው፣ ታረቁ ይላቸዋል። የወልድን ከአብ ጋር መተካከል ትንሽ ነገር የሚል ሰው ትምህርቱን አስቀድሞ ወስኖ መጣ ማለት ይከብዳል። ሰውየው የፈለገው ጸጥታ ነው። ጸጥታው በኒቅያ ቃል የሚመጣ ሲመስለው የኒቅያን ቃል ደገፈ፣ አርዮስንም አጋዘ። በኋላ ደግሞ ጸጥታው አርዮሳውያኑን በማባበል የሚመጣ መሰለው። የተጋዙትን መለሰ፤ በ335 ደግሞ የኒቅያን እምነት አጥብቆ የያዘውን አትናቴዎስን እስከ ትሪየር ድረስ ሰደደው። ትሪየር ዛሬ ጀርመን ውስጥ ናት። በ337 ሊሞት ሲል ያጠመቀውም የአርዮስ ደጋፊ የነበረው የኒቆምዲያው አውሳብዮስ ነው።

ከዚያ ልጁ ቆንስታንቲዮስ መጣ። የጸሐፊው ሐሳብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቆንስታንቲዮስ ከ337 እስከ 361 ነገሠ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግዛቱን በሙሉ ለብቻው ይዞ ነበር። የኒቅያን ቃል ለማስቀረት ያለውን ኃይል ሁሉ ተጠቀመ። የሮሙን ጳጳስ ሊቤርዮስን አጋዘ። ዕድሜው መቶ ዓመት የደረሰውን የኮርዶባውን ሆስዮስን አስገድዶ አስፈረመ። በ359 አሪሚኑም ላይ የተሰበሰቡ ከ400 በላይ ጳጳሳትን ካልፈረማችሁ ወደ አገራችሁ አትመለሱም ብሎ አስቀመጣቸው፤ ፈረሙ።

ያ እጅ እኛም አገር ደርሶ ነበር። ቆንስታንቲዮስ በ356 ወይም በ357 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስን ቶሎ ወደ ግብፅ ላኩት፣ በአዲሱ የእስክንድርያ ጳጳስ በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እምነቱ ይመርመር አላቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍሬምናጦስን የሾመው አትናቴዎስ ነበር። ጊዮርጊስ ደግሞ አትናቴዎስ በወታደር ሲባረር በቦታው የተተካ የንጉሡ ሰው ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የቆየው አትናቴዎስ ለራሱ በጻፈው የመከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ቃል በቃል ስለገለበጠው ነው። የአክሱም ቤተ ክርስቲያን ግን የጊዮርጊስን ሳይሆን የአትናቴዎስን እምነት ይዛ ቀረች። ፍሬምናጦስንም ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያልን ነው የምናከብረው።

በ380 ቀዳማዊ ቴዎዶስዮስ የኒቅያን እምነት በአዋጅ አጸና። ስለዚህ ኒቅያ ያለ ንጉሥ ድጋፍ ነው ያሸነፈችው አልልም። ግን አዋጁ ሲወጣ እምነቱ በነገሥታት ፊት ለ50 ዓመታት ያህል ተፈትኖ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዙፋኑ በተቃራኒው ወገን ነው የነበረው። ንጉሥ የፈለገው ሁሉ ሃይማኖት የሚሆን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም አርዮሳውያን ነበርን።

ስለ ኤፌሶን ወርቅ

ወርቁ ነበረ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የቄርሎስ ሰው ኤጲፋንዮስ ከንስጥሮስ በኋላ ለተሾመው የቁስጥንጥንያ ጳጳስ የጻፈው ደብዳቤና ከእርሱ ጋር የተያያዘው የስጦታ ዝርዝር ደርሶናል። ለአንድ የቤተ መንግሥት ሹም ብቻ 200 ሊትራ ወርቅ፣ ምንጣፍና ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ወንበሮች ተልከዋል። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ለዚሁ ጉዳይ 1,500 ሊትራ ወርቅ ተበድራለች ይላል። ቄርሎስን የምንወድ ሰዎች ይህን መካድ የለብንም።

ግን መቼ ተላከ? ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስም የተቃወመው የቁስጥንጥንያው ጳጳስ ንስጥሮስ የተወገዘው ሰኔ መጨረሻ ሳይደርስ፣ ጁን 22 ቀን 431 ነው። የዚያን ቀን የንጉሡ እንደራሴ ካንዲዲያኖስ ገና ያልደረሱ አሉ፣ ጉባኤውን አትክፈቱ ብሎ ሲከለክል ነበር። 68 ጳጳሳትም የአንጾኪያው ዮሐንስ እስኪመጣ ይጠበቅ ብለው ፈርመው ነበር። ቄርሎስ አልጠበቀም። ይህ የሚያስወቅስ ችኮላ ነው፤ ዮሐንስ የደረሰው ከአራት ቀን በኋላ ነበርና። ነገር ግን ችኮላው ከንጉሡ ፈቃድ ውጪ የተደረገ እንጂ በንጉሡ ትእዛዝ የተደረገ አይደለም።

ዮሐንስ ሲደርስ የራሱን ጉባኤ ሰብስቦ ቄርሎስን አወገዘ። ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ግራ ገባውና ሁለቱንም ውግዘት አጸደቀ፤ ንስጥሮስም ቄርሎስም ታሰሩ። ወርቁ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቤተ መንግሥቱን ልብ ለማዞር፣ ቄርሎስን ወደ መንበሩ ለመመለስና ንስጥሮስ ተመልሶ እንዳይሾም ለማድረግ ነው። ወርቅ የገዛው የሹማምንትን ፊት ነው፤ የእምነቱ ውሳኔ ግን ቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በዚያ ላይ ከተማውን ያናወጠው ወርቁ ብቻ አልነበረም። ለ48 ዓመት ከገዳሙ ያልወጣው አባ ዳልማጥዮስ መነኮሳቱን አስከትሎ እየዘመረ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄድ ሕዝቡ ሆ ብሎ ተከተለው። ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስም ሕዝቡ ከጉባኤው በፊትም በጸሎቱ ይጠራው ነበር። ንስጥሮስን የጣለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ስለ ኬልቄዶን

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉትም ይሄንኑ ነው።

ከ449 መጀመር አለብን። በቁስጥንጥንያ አውጣኪ የሚባል አረጋዊ መነኩሴ ነበር። ከተዋሕዶ በፊት ሁለት ባሕርይ፣ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ይላል፤ ክርስቶስ በሥጋው ከእኛ ጋር አንድ ባሕርይ መሆኑን ለመናገር ግን ያቅማማል። በ448 የከተማው ጳጳስ ፍላብያኖስ አወገዘው። አውጣኪ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን እንደፈለገ የሚያሽከረክረው የጃንደረባው የክሪሳፍዮስ የክርስትና አባት ነው። ቴዎዶስዮስ በኤፌሶን ሁለተኛ ጉባኤ ጠራ፤ ከቄርሎስ በኋላ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነውን ዲዮስቆሮስንም በደብዳቤ ሰብሳቢ አድርጎ ሾመ። በጉባኤው አውጣኪ ነጻ ተባለ፣ ፍላብያኖስ ተሻረ፤ ብዙም ሳይቆይ በስደት ሞተ። የሮሙ ጳጳስ ልዮን የላከው፣ በክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አሉ የሚለው ደብዳቤ አልተነበበም። ወታደሮችም ነበሩ።

ይህን የምጽፈው እያወቅሁ ነው። እኛ መስከረም 7 ቀን ዲዮስቆሮስን የምናከብር ሰዎች የነገሥታት ኃይል በሌላው ወገን ብቻ የነበረ አስመስለን መናገር እንወዳለን። በ449 ኃይሉ ከእኛ ጋር ነበር። ፍላብያኖስ ላይ የደረሰው ነገርም ከባድ ነው።

ጁላይ 28 ቀን 450 ቴዎዶስዮስ ከፈረስ ወድቆ ሞተ። ሁሉም ነገር የተገለበጠው በዚህ ነው። እህቱ ፑልኬሪያ መርቅያን የተባለውን የጦር ሰው አግብታ አነገሠችው። ክሪሳፍዮስ ተገደለ። የፍላብያኖስ አስከሬን በክብር ተመለሰ። በፍላብያኖስ ቦታ የተሾመው አናጦልዮስ ቀድሞ በቁስጥንጥንያ የዲዮስቆሮስ ወኪል የነበረ ሰው ነው፤ እሱም ፊቱን አዙሮ የልዮንን ደብዳቤ ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ፈረሱ ባይሰናከል ኖሮ የ451 ጉባኤ በዚያ መልኩ አይጠራም ነበር።

ጉባኤው ኦክቶበር 8 ቀን በቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። መጀመሪያ ለኒቅያ ነበር የተጠራው። ንጉሡ በቅርብ ልከታተለው ብሎ ከዋና ከተማው ማዶ ወዳለችው ኬልቄዶን አዛወረው። አቀማመጡን ልብ በሉ። በመካከል 19 የመንግሥት ሹማምንት ተቀምጠዋል። በግራቸው የሮም መልእክተኞችና አናጦልዮስ፣ በቀኛቸው ዲዮስቆሮስና የኢየሩሳሌሙ ዩቬናልዮስ ከግብፅና ከፍልስጥኤም ጳጳሳት ጋር። ወንጌሉ በመካከል ተቀምጧል። ውይይቱን የሚመሩት ሹማምንቱ ናቸው። የሮም መልእክተኞች ዲዮስቆሮስ ይውጣ ብለው ሲጮኹ ሹማምንቱ «ዳኛ ከሆንክ ከሳሽ አትሁን» ብለው መለሱላቸው። ዲዮስቆሮስ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ እንደ ተከሳሽ በመካከል እንዲቀመጥ ተደረገ።

የ449 ቃለ ጉባኤ ሲነበብ በዚያ የፈረሙት ጳጳሳት ባዶ ወረቀት ላይ ነው ያስፈረሙን፣ ወታደር ፈርተን ነው ማለት ጀመሩ። ግብፃውያኑ ክርስቲያን ማንንም አይፈራም፣ ሰው ቢፈራ ኖሮ ሰማዕታት ባልኖሩ ነበር ብለው ጮኹባቸው። ዩቬናልዮስ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ግራው ወገን ተሻገረ። የፍልስጥኤም ጳጳሳትም ተከተሉት። ዲዮስቆሮስ ባለበት ቀረ።

እዚያው ቀን የተናገራቸው ሁለት ቃላት ተመዝግበዋል፤ የጸሐፊውን ክስ የሚያፈርሱትም እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ አውጣኪ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውጪ ካሰበ ቅጣት ብቻ ሳይሆን እሳትም ይገባዋል አለ። ሁለተኛ፣ ስለ ራሱ እምነት «ከሁለት የሚለውን እቀበላለሁ፤ ሁለት የሚለውን ግን አልቀበልም» አለ። ከመለኮትና ከትስብእት አንድ የሆነ፣ ከተዋሕዶ በኋላ ግን ለሁለት የማይከፈል ማለቱ ነው። ይህ አውጣኪ ሳይሆን ቄርሎስ ነው።

ኦክቶበር 13 ቀን ዲዮስቆሮስ ተሻረ። ሹማምንቱ በዚያ ቀን አልተገኙም። እሱ በጥበቃ ሥር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አልቀረበም። ሹማምንቱ በሌሉበት አልመጣም ከሚሉት መልሶቹ አንዱ ነው። የሮም መልእክተኞች ያነበቡትን ፍርድ ተመልከቱ፦ አውጣኪን ከጉባኤ ውሳኔ በፊት ተቀበለ፣ የልዮንን ደብዳቤ አላስነበበም፣ ልዮንን አወገዘ፣ ተጠርቶ አልመጣም። ሁሉም የሥርዓት ጥፋቶች ናቸው። በአውጣኪ ኑፋቄ ተከሶ ተፈረደበት የሚል ቃል እዚያ የለም።

ይህን የኔ ትርጓሜ ነው የሚል ካለ ምስክሩ አናጦልዮስ ነው። ኦክቶበር 22 ቀን በሙሉ ጉባኤ ፊት ተነሥቶ ዲዮስቆሮስ የተሻረው ስለ እምነት አይደለም፣ ልዮንን ስላወገዘና ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ስላልመጣ ነው አለ። ከኬልቄዶን ጉባኤ መሪዎች አንዱ፣ በኬልቄዶን ውስጥ፣ ከፍርዱ በኋላ ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆይቶ የተናገረው ነው። ከ1,500 ዓመት በኋላ እንዴት ነው እኛ ከእርሱ የበለጠ ከሳሽ የምንሆነው?

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሹማምንቱ በ449 ጉባኤ ጥፋተኛ ናቸው ያሏቸው ስድስት ጳጳሳት ነበሩ፤ ዲዮስቆሮስ፣ ዩቬናልዮስና ሌሎች አራት። አምስቱ የልዮንን ደብዳቤ ተቀብለው ፈረሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። አንዱ ብቻ ቀረ። ጥፋቱ የጋራ ከሆነ ቅጣቱ ለምን ለአንድ ሰው ብቻ ሆነ? ሥልጣን የሠራውን ሥራ እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ማን ይቅር እንደሚባልና ማን እንደማይባል።

በስንክሳር የምናነበው ጥርሱ የመርገፉና ጽሕሙ የመነጨቱ ታሪክ በጉባኤው ቃለ ጉባኤ ላይ የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የጠበቀው ነው፤ እኔም በትውፊትነቱ አከብረዋለሁ። ለዚህ ክርክር ግን እሱ አያስፈልገኝም። ቃለ ጉባኤው ራሱ በቂ ነው።

ኦክቶበር 22

አሁን ወደ ትምህርቱ። ጳጳሳቱ አዲስ የእምነት መግለጫ መጻፍ አልፈለጉም። ኦክቶበር 10 ቀን ሹማምንቱ ጻፉ ሲሏቸው በ431 ኤፌሶን ከኒቅያ ሌላ እንዳይጻፍ ተከልክሏል ብለው እምቢ አሉ። መግለጫውን አጥብቆ የፈለገው ንጉሡ ነው። በዚያው ቀን የልዮን ደብዳቤ ሲነበብ የኢሊሪኩምና የፍልስጥኤም ጳጳሳት ሦስት ቦታ ላይ ተጠራጠሩ። ቃሉ ክርስቶስን ይከፍላል ብለው ሠጉ። ከቄርሎስ ደብዳቤዎች ጋር አስተያይተን እንመልከት ብለው ጥቂት ቀን ጠየቁ፤ አምስት ቀን ተሰጣቸው። እንግዲህ መለኪያው ማን ነበር? ልዮን በቄርሎስ ሚዛን ላይ ወጣ እንጂ ቄርሎስ በልዮን ሚዛን ላይ አልወጣም።

ኦክቶበር 22 ቀን በአናጦልዮስ የሚመራው ኮሚቴ ያዘጋጀው ረቂቅ ቀረበ። ረቂቁ ክርስቶስን «ከሁለት ባሕርይ» ይላል። አብዛኞቹ ጳጳሳት የአባቶች እምነት ይህ ነው፣ ሁላችን እንስማማለን ብለው ጮኹ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ የዛሬው መለያየት ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር፤ ያ ቃል ዲዮስቆሮስም እቀበላለሁ ያለው ቃል ነውና።

አላበቃም። የሮም መልእክተኞች የልዮን ቃል ካልገባ ደብዳቤ ጻፉልንና እንሂድ፣ ጉባኤው በጣልያን ይሁን አሉ። ሹማምንቱ ለመርቅያን ላኩ። ከቤተ መንግሥት የመጣው መልስ አጭር ነው። ወይ ጥቂት ጳጳሳት ተመርጠው መግለጫውን ያስተካክሉ፣ ወይ በየሊቀ ጳጳሳቱ በኩል እምነታችሁን ግለጹ፣ ይህን ካልወደዳችሁ ጉባኤው በምዕራብ ይደረጋል። ጳጳሳቱ አሁንም ረቂቁ ይጽና አሉ፤ የማይስማሙት ወደ ሮም ይሂዱ ብለውም ጮኹ። ያን ጊዜ ሹማምንቱ ብልህ ጥያቄ ጠየቁ። ዲዮስቆሮስ ከሁለት ባሕርይ ይላል፣ ልዮን በክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አሉ ይላል፤ ማንን ትከተላላችሁ? የተሻረውን ሰው እንከተላለን የሚል ማን ይወጣል? ከልዮን ጋር ነን አሉ። አናጦልዮስ፣ የሮም መልእክተኞችና የተመረጡ ጳጳሳት ወደ ጎን ገቡ። ሲወጡ «ከሁለት» የሚለው «በሁለት ባሕርይ» ሆኖ ወጣ። ሦስት ቀን ቆይቶ መርቅያንና ፑልኬሪያ በጉባኤው ተገኙ፤ አዲሱ ቆስጠንጢኖስ፣ አዲሲቱ ሄለና ተብለው ተወደሱ፤ ጳጳሳቱም ፈረሙ።

ከጸሐፊው በላይ እሄዳለሁ ያልኩት ይህን ነው። ሥልጣን አንድን ቃል ለውጧል፤ ለውጡም ቀላል አልነበረም። ለእኛ «በሁለት» ማለት ከተዋሕዶ በኋላ ሁለትነት ቀጠለ ማለት ነው። ለኬልቄዶን ሰዎች ደግሞ አምላክነቱም ሰውነቱም ሳይጠፋ አለ ማለት ነው። ዛሬም የምንለያየው እዚሁ ላይ ነው።

ነገር ግን መርቅያን አዘዘ፣ ጳጳሳቱ ፈረሙ ብሎ መዝጋት የተፈጠረውን አያስረዳም። መርቅያን ቃሉን አልጻፈም። «በሁለት» የሚለው የሮም ጥያቄ ነው። መርቅያን ሮምን ማጣት አልፈለገም፤ ምሥራቁንና ምዕራቡን አንድ የሚያደርግ መግለጫ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ሮም እንዳትሄድ ጳጳሳቱን አስጨነቀ። የቀረው የመግለጫው አካል ከቀደሙት የመጣ ነው፦ ከቄርሎስ ደብዳቤዎች፣ ቄርሎስና የአንጾኪያው ዮሐንስ በ433 ከታረቁበት ስምምነት፣ ከልዮንና ከፍላብያኖስ። ንጉሡ የነበረው ኃይል ከቀረቡት ቃላት መካከል አንዱ እንዲመረጥ መግፋት ነው። ከራሱ አፍልቆ አዲስ ትምህርት ላምጣ ቢል ኖሮ ከቄርሎስ ጋር አልገጠመም ተብሎ ወዲያው በተመለሰ ነበር።

ስለ ፊርማው

በንጉሥ ፊርማ ያለቀ ነገር ቢሆን ኖሮ በ451 ኅዳር ላይ ባለቀ ነበር። ያላለቀ መሆኑ ግን ገና ጉባኤው ሳይበተን ታወቀ። 13 የግብፅ ጳጳሳት የልዮንን ደብዳቤ ፈርሙ ሲባሉ ሊቀ ጳጳሳችን ሳይኖር አንፈርምም አሉ። መሬት ላይ ወድቀው ማሩን፣ ፈርመን ብንመለስ አገራችን ላይ ይገድሉናል ብለው ለመኑ። ሹማምንቱም አዲስ ሊቀ ጳጳስ እስኪሾም በቁስጥንጥንያ ይቆዩ ብለው ተዉአቸው። እነዚህ ሰዎች ከንጉሡ ይልቅ የፈሩት ምዕመናቸውን ነው።

ፍርሃታቸው ልክ ነበር። ዲዮስቆሮስ ወደ ጋግራ ተጋዘ፤ በ454 እዚያው ዐረፈ። በቦታው ፕሮቴሪዮስ የሚባል ሰው ተሾመ፤ የእስክንድርያ ሕዝብ ግን አልተቀበለውም። ሁከት ተነሣ፣ ወታደሮች በሕንጻ ውስጥ እንዳሉ ተቃጠሉ፣ ተጨማሪ 2,000 ወታደር ተላከ። መርቅያን በ457 መጀመሪያ ሲሞት ሕዝቡ ኬልቄዶንን የሚቃወመውን ጢሞቴዎስን ሾመ፤ ብዙም ሳይቆይ ፕሮቴሪዮስን ገደሉት። ግድያው ግድያ ነው፣ በማንም ወገን ቢሆን አይወደስም። በኢየሩሳሌምም ዩቬናልዮስ ወገን ቀይሮ ሲመለስ መነኮሳቱ በሩን ዘጉበት። ወደ መንበሩ የተመለሰው በጦር ኃይል ነው።

ፊርማ ምን ያህል እንደሚመዝን ለማየት ደግሞ 475ን እንመልከት። ባሲሊስኮስ ዙፋኑን ነጥቆ ኬልቄዶንንና የልዮንን ደብዳቤ የሚሽር ደብዳቤ ለጳጳሳቱ ሁሉ ላከ። 500 ያህል ጳጳሳት ፈረሙ። የእስያ ጳጳሳት በፈቃዳችን ነው የፈረምነው ብለው ጻፉ። በቀጣዩ ዓመት ዘይኖን ዙፋኑን መልሶ ያዘ። እነዚሁ ጳጳሳት ለቁስጥንጥንያው ለአካክዮስ ተገድደን ነው የፈረምነው ብለው እንደገና ጻፉ። ዘይኖን በ482 «ሄኖቲኮን» የተባለውን የማስታረቂያ ጽሑፍ አወጣ። በሁለት ወይም በአንድ የሚለውን ቃል ዘለለው። ሮም ተቆጥታ ለ35 ዓመት ያህል ከቁስጥንጥንያ ተለያየች፤ በግብፅም ብዙዎች ኬልቄዶንን በግልጽ ስላላወገዘ አልበቃንም አሉ። አንድ ንጉሥ «በሁለት» እንዲባል ገፋ፣ ሌላው ሻረው፣ ሦስተኛው ከነጭራሹ አታንሱት አለ። ክርክሩ ግን ሦስቱንም አልፎ ሄደ።

እንግዲህ ለጸሐፊው ጥያቄዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ስለ ዲዮስቆሮስ የጻፉትን ያርሙ፤ ማስረጃው የአናጦልዮስ የኦክቶበር 22 ቃል ነው። ሁለተኛው፣ የእስክንድርያ ሕዝብ ዲዮስቆሮስ ከተሰደደ በኋላ ደመወዝ የሚከፍለው፣ ወታደር የሚልክለት ንጉሥ አልነበረውም። ሁሉ ነገር በቤተ መንግሥት የተወሰነ ከሆነ ያ ሕዝብ ለምን እንደጸና በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ያስረዱን።